«ቲቸር፣ ስሜን ያውቁታል?»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አምስት የዘጠነኛ ክፍል ሴክሽኖች አሉኝ። በእያንዳንዱ 54 ልጅ አለ። ከአንዱ ሴክሽን ጋር በሳምንት ሦስት ፔሬድ እንገናኛለን። ባለፈው ሳምንት ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ እጁን አወጣ። «አንተ፣ ከኋላ ያለኸው» አልኩት። እሱም ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ ስሜን ያውቁታል?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስቄ አለፍኩት። ግን አላውቀውም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ምክትል ርዕሰ መምህራችን ደግሞ በስብሰባ ላይ «ውጭ አገር መምህራን በር ላይ ቆመው ተማሪውን በስሙ ሰላም ይላሉ፤ በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ እናንተም ጀምሩ» አሉን። እሳቸው ግን እኔን የሚጠሩኝ «የባዮሎጂዋ» ብለው ነው። 270 ስም መያዝ ይቻላል? ጥናቱስ እውነት ነው ወይስ እንዲሁ የሚወራ ነው?

መምህርት፣ ከአዳማ

መልስ፦

እህቴ፣ ጥናቱ እውነት ነው። ግን ምክትሉ እንደነገሯችሁ አይደለም፤ ለእናንተ ክፍልም እንዳለ አይገጥምም። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ያ ልጅ ወደጠየቀሽ ጥያቄ ልግባ፤ ምክንያቱም በትክክል እሱኑ የጠየቁ ሰዎች አሉ። ያውም የባዮሎጂ መምህራን ናቸው።

ቦታው አሜሪካ፣ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ክፍሉ በጣም ትልቅ ነው፤ ከመቶ ተማሪ በላይ በአንድ አዳራሽ ይማራል። ተመራማሪዎቹ ተማሪዎቹን «ከዚህ በፊት በወሰዳችኋቸው ትልልቅ የባዮሎጂ ክፍሎች አስተማሪያችሁ ስማችሁን ያውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁ። አዎ ያሉት 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህኛውስ ክፍል? 78 በመቶ የሚሆኑት «አዎ፣ ስሜን ያውቃሉ» አሉ። ከዚያ ወደ አስተማሪዎቹ ዞሩ። ስንቱን ስም በትክክል እንደሚያውቁ ታየ። የሚያውቁት 53 በመቶውን ብቻ ነበር።

ይኼን ቁጥር ደግመሽ እዪው። ከመቶው ተማሪ 78ቱ ስሜ ይታወቃል ብሎ ያምናል። አስተማሪዎቹ የሚያውቁት ግን የ53ቱን ነው። ጥናቱ በፈረንጆቹ 2017 ሲታተም ብዙ መምህር ያነጋገረው ይኼ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ተማሪዎቹ ራሳቸው ተናገሩት። አስተማሪው ስሜን በምን አወቀው ሲባሉ አብዛኞቹ የጠቀሱት አንድ ነገር ነው፦ ፊት ለፊታቸው የቆመች የስም ካርድ። ወፍራም ወረቀት ታጥፎ እንደ ቤት ጣሪያ ዴስክ ላይ ይቆማል፤ ስም በትልቁ ተጽፎበታል። ተማሪው እጅ ሲያወጣ አስተማሪው ካርዱን አንብቦ በስሙ ይጠራዋል። በቃ።

ሁሉም ያያል። አስተማሪው ከካርድ እያነበበ መሆኑን ተማሪው ያውቃል። የደበቀው ሰው የለም። ሆኖም በስም መጠራቱ ስሜቱን ለወጠው። ለምን አስፈለጋችሁ ተብለው ሲጠየቁ ከሰጧቸው ምክንያቶች ውስጥ፣ ቦታ እንደተሰጠኝ ይሰማኛል፣ ትምህርቱን የራሴ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ እርዳታ ለመጠየቅ አልፈራም የሚሉ ነበሩበት። ለእኔ ትልቁ የመጨረሻው ነው። ባዮሎጂ ላይ ሚዮሲስ ያልገባው ልጅ ዝም ብሎ ሚድ ላይ ከሚወድቅ ይልቅ፣ ከክፍል ስትወጪ ተከትሎ «ቲቸር፣ አልገባኝም» ቢልሽ ነው የሚሻለው። ስሙን ወደምታውቅ ሰው መሄድ ይቀላል።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። ይኼ ጥናት የተማሪዎቹ ማርክ ከፍ አለ አላለም። የጠየቀው ስሜታቸውን ነው፤ ያውም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ። ስም ስላወቅሽ ልጆቹ ሁሉ ዘጠና ያመጣሉ የሚልሽ ሰው ካለ፣ ከዚህ ጥናት አላገኘውም።

እንግዲህ 270 ስም። በአንድ ሳምንት አይያዝም፤ መያዝም የለበትም። የአሪዞናው ነገር የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። ስሙን በቃልሽ እስክትይዢ ድረስ ልጁን በስሙ ለመጥራት መጠበቅ የለብሽም። ዛሬውኑ አንብበሽ ጥሪው። በቃል መያዙ እየጠራሽ ሳለ በራሱ ይመጣል።

ካርዱን እንዲህ ሥሪ። አንድ ኤ ፎር ወረቀት ለሁለት ቁረጪ። ግማሹን በቁመቱ እጠፊው፤ እንደ ጣሪያ ይቆማል። ለ270 ልጅ 135 ወረቀት ነው፤ ከአንድ ደስጣ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ተራ ወረቀት ግን ቶሎ ይልፈሰፈሳል፤ መስኮት በኩል ያለው ዴስክ ላይ ደግሞ ነፋስ ይጥለዋል። የድሮ የግድግዳ ካላንደር ካገኘሽ እሱ ወፈር ይላል፤ ጀርባው ነጭ ነው። ስሙን ልጁ ራሱ ይጻፈው። በማርከር፣ ፊደሉ ሁለት ጣት ያህል ቁመት ኖሮት፣ በሁለቱም በኩል። በእስክሪብቶ የተጻፈ ከሦስተኛው ዴስክ በኋላ አይታይሽም።

የሚጻፈው መጠራት የሚፈልገው ስም ነው። ሮስተሩ ላይ አንድ ስም ተጽፎ ቤትም ሰፈርም በሌላ የሚጠራ ልጅ ብዙ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ብሩክ ካሉሽ ደግሞ የአባት ስም መጀመሪያ ፊደል ይጨምሩ፦ «ብሩክ ተ.» እና «ብሩክ መ.»። አለበለዚያ ክፍሉ ራሱ ይለያቸዋል፤ አንዱ «ብሩክ ድቡልቡሉ» ሆኖ ዓመቱን ይጨርሳል። አውቀዋለሁ፣ አይቻለሁ።

ፔሬዱ ሲያልቅ የክፍል አለቃው ሰብስቦ በላስቲክ አስሮ ይስጥሽ። አምስት ሴክሽን፣ አምስት እስር። በሚቀጥለው ፔሬድ ካርዶቹ ተከፋፍለው እጅሽ ላይ የቀሩት የቀሪዎቹ ናቸው። ስም መጥራት አያስፈልግሽም፤ አቴንዳንስሽ ያው ተያዘ። ካርዱ ለራሱ የሚያባክነውን ጊዜ በዚህ ይመልስልሻል።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ምክትሉ የሰሙት ጥናት የትኛው እንደሆነ ይገባኛል። ክሌይተን ኩክና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 2018 ያወጡት ነው። በአሜሪካ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ 10 ክፍሎችን ወሰዱ፤ ባጠቃላይ 203 ተማሪ። በግማሾቹ ክፍሎች መምህራኑ በር ላይ ተማሪን ስለመቀበል ሥልጠና ወሰዱ። ሌሎቹ እንደወትሮው ቀጠሉ። ከዚያ ታዛቢ ክፍል ውስጥ ገብቶ ቆጠረ፤ ተማሪዎቹ ምን ያህሉን ጊዜ ትምህርቱ ላይ እንዳሉ፣ ምን ያህሉን እንደሚረብሹ። ትምህርቱ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ በ20 መቶኛ ነጥብ ጨመረ። ረብሻው በ9 ነጥብ ቀነሰ። በቀን አምስት ሰዓት ለሚማር ልጅ አንድ ሰዓት እንደመጨመር ነው ብለው አሰሉት።

ከዚያ በፊትም በፈረንጆቹ 2007 ሁለት ተመራማሪዎች ያስቸግራሉ የተባሉ ሦስት ተማሪዎችን ተከታትለው ነበር። መምህሩ በር ላይ በስማቸው ሰላም ብሎ አንዲት ጥሩ ቃል ይጨምርላቸዋል፤ ሌላ ምንም የለም። በክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ትምህርቱ ላይ የሚያተኩሩበት ጊዜ በአማካይ ከ45 ወደ 72 በመቶ ወጣ። ሦስት ልጅ ብቻ ነው፤ የተለካውም አሥር ደቂቃ ነው። ግን አሥሯ ደቂቃ የቱ ጋ እንዳለች መምህር ታውቂያለሽ። ክፍሉ የሚያዘው ወይ የሚያመልጠው እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው፣ በኩክ ጥናት በር ላይ የተደረገው ስም መጥራት ብቻ አልነበረም። መምህሩ ልጁን በስሙ ሰላም ይለዋል፤ ይጨብጠዋል ወይም አንገቱን ነቅነቅ ያደርግለታል። ገብተው ወዲያው የሚጀምሩትን ሥራ ይነግራቸዋል። ትናንት ተጣልቶ ወይም ተቆጥቶ የወጣ ልጅ ካለ፣ ለብቻው ዝቅ ባለ ድምፅ ያበረታታዋል። ገብቶ ሥራውን የጀመረውን ያመሰግናል። ውጤቱ የዚህ ሁሉ ድምር ነው። ስሙ ብቻውን ስንቱን እንዳመጣ ጥናቱ ለይቶ አይነግረንም። በር ላይ ቆሞ እንደ ሮስተር ስም ማንበብ ብቻውን 20 ነጥብ አያመጣም።

ሁለተኛው ደግሞ በጣም ቀላል ነገር ነው፤ ስብሰባው ላይ ማንም አላነሳውም መሰለኝ። እዚያ አገር ከክፍል ክፍል የሚዘዋወረው ተማሪው ነው። ደወል ሲደወል ልጆቹ ይወጣሉ፤ መምህሩ የራሱ ክፍል በር ላይ ቆሞ የሚቀጥሉትን ይቀበላል። እኛ ጋ የምትዘዋወሪው አንቺ ነሽ። ልጆቹ ቁጭ ብለው ይጠብቁሻል። በሩ ላይ ብትቆሚ የሚያልፍሽ የለም፤ የሚወጣው የሒሳብ መምህሩ ብቻ ነው። በር ላይ መቀበል የሚችለው ጠዋት የራሱን ክፍል የሚያስገባ ሆምሩም መምህር ነው፤ ከዕረፍት በኋላ የሚገባም ይችል ይሆናል። ለአንቺ ግን በሩን ወደ ዴስኩ ማምጣት አለብን።

እንቁጠረው። 54 ልጅ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት፤ 18 ዴስክ ነው። ብዙውን ጊዜ በሦስት ረድፍ ይደረደራል፤ አንዱ ረድፍ ስድስት ዴስክ፣ 18 ልጅ። በሳምንት ሦስት ፔሬድ አለሽ። በአንድ ፔሬድ አንድ ረድፍ ውሰጂ። ስትገቢ «ተቀመጡ» ካልሽ በኋላ ወደ ጥቁር ሰሌዳው አትሂጂ። አንድ የማስጀመሪያ ጥያቄ አስቀድመሽ ለአለቃው ስጪውና ሰሌዳው ላይ ይጻፈው፤ ሌሎቹ እሱን ይሥሩ። አንቺ ካርዶቹን ይዘሽ በረድፉ መሃል ሂጂ። ካርዱን ለባለቤቱ በእጁ ስጪው፤ ስሙን ጠርተሽ፣ ዓይኑን አይተሽ። «ሜሮን፣ እንዴት አደርሽ።» «ናትናኤል፣ ሰኞ ቀርተህ ነበር፤ ደህና ነህ?» ለአንድ ልጅ አራት ሰከንድ ብትወስጂ 18ቱ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ያልፋሉ። የሌሎቹን ረድፎች ካርድ አለቃው ያድል። ሳምንቱ ሲያልቅ 270ውም ልጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአፍሽ ስሙን ሰምቷል።

ለሁሉም ልጅ ጥያቄ መጨመር የለብሽም። እውነት የሆነ ነገር ካለሽ በይ፤ ከሌለሽ ስሙና ሰላምታው ይበቃል። ልጆች የተጠና ደግነት ቶሎ ያውቃሉ።

ነገሩ መበላሸት የሚጀምርበትን ቦታም ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ስሙ ለቁጣ ብቻ ሲውል ነው። የራስ ስም ከሌላው ቃል ሁሉ ይለያል። በፈረንጆቹ 1959 ኔቪል ሞሬይ የሚባል ሰው ባደረገው ሙከራ ሰዎች በአንድ ጆሯቸው የሚነገረውን እየደገሙ ነበር፤ በሌላው ጆሯቸው የሚነገረውን አይሰሙትም። ስማቸው ሲጠራ ግን ከሦስት አንድ የሚሆኑት ሰሙት። ስም እንዲህ ያለ በር ከፋች ነው። ለዚያ ነው ተጠንቀቂ የምልሽ። «ዮናስ! ዝም በል። ዮናስ! ዙር። ዮናስ! ውጣ» ከሆነ ዓመቱን ሙሉ፣ ስሙን አውቀሽለታል፤ ግን በጠራሽው ቁጥር ትከሻው ይሰበሰባል። እዪው፣ ታውቂዋለሽ። ስሙን ጠርተሽ ቀና ሲል ፊቱ ላይ የሚታየው «ምን አጠፋሁ?» ከሆነ፣ ከዚያ ልጅ ጋር ያለሽ ሒሳብ ተዛብቷል።

ሁለተኛው መሃከለኞቹ ናቸው። መምህር ማንን ቀድሞ ይይዛል? ጎበዙንና በጥባጩን። ዝምተኛው፣ 60 እና 65 የሚያመጣው፣ የማይረብሸው፣ እሱ ይጠፋል። እኔ እንዲህ ያለ ልጅ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ 71 ሆነን ነበር የምንማረው። መምህራችን ተራ ቁጥር ነበር የሚጠሩን፤ እኔ አርባ ሰባት ነበርኩ። ዓመቱን ሙሉ አርባ ሰባት። አልጠላቸውም፤ 71 ልጅ ብቻቸውን ይዘው ምን ያድርጉ። ግን ሰኔ ላይ ካርድ ሲያድሉ ስሜን ከነአባቴ ሲያነቡት፣ እሳቸው ካርዱን ዘርግተው ክፍሉን በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር። እኔ ከፊታቸው፣ ሁለተኛው ዴስክ ላይ ነበርኩ። ይኸው ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይናቸው ዙረት ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ይኼን አድርጊ። እቤትሽ ባዶ ወረቀት ይዘሽ ተቀመጪ። አንዱን ሴክሽን አስቢና የምታስታውሺውን ስም ሁሉ ጻፊ፤ ሮስተሩን ሳታዪ። ሲያልቅብሽ ከሮስተሩ ጋር አመሳክሪው። የጠፉብሽን አስምሪባቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ከካርዶቹ መካከል የእነሱን ከላይ አድርጊ፤ ጥያቄም ለእነሱ ስጪ። 20 ስም ብትረሺ አትደንግጪ። የትኞቹ እንደሆኑ ማወቅሽ ነው ቁም ነገሩ።

ሦስተኛው የስም አነባበብ ነው። አዳማ ነሽና የልጆችሽ ስም ከብዙ ቋንቋ ይመጣል። ኮሊ እና ሶሎርዛኖ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2012 አሜሪካ ውስጥ ስማቸው በትምህርት ቤት ሲበላሽባቸው የኖሩ ሰዎችን ታሪክ ሰብስበው ነበር። ስሙን ማሳሳት ብቻ አልነበረም የጎዳቸው፤ ሲያርሙ «ከባድ ነው»፣ «ባሳጥርልህስ» መባሉ ነው። ብዙዎቹ በስማቸው ማፈር ጀምረው ነበር። ሚኒሶታና ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ይኼን ያውቁታል፤ ጸጋ ትምህርት ቤት ስትገባ «ሴጋ» ትሆናለች፣ ጫላ «ቻላ» ይሆናል። እኛም አገር ቤት ሆነን እንዲሁ እናደርጋለን። ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ስምን ወደ ለመድነው አማርኛ ጠምዝዘን እንጠራለን፤ ልጁም ዝም ይላል። ካርዱን ስትሰጪ ያልለመድሽው ስም ካጋጠመሽ ዝቅ ብለሽ «አንዴ በልልኝ» በይው። ደግመሽ በይው። «ልክ ነኝ?» ብለሽ ጠይቂ። አንዴ ይበቃል። በየሳምንቱ ከጠየቅሽው ግን ያው ይሰለቻል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የራሳችን ጉዳይ አለ። አማርኛ ስም ሳያውቁ ሰውን በፍቅር የሚጠሩባቸው ቃላት ሞልተውታል። የኔ ልጅ፣ ማሙሽ፣ ሚሚ፣ እናቴ፣ የኔ ጌታ። ደስ ይላሉ። ታክሲ ውስጥ ለማታውቂው ልጅ ሌላ ምን ትይዋለሽ? ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ የምታዪውን ልጅ ሰኔ ላይም «ማሙሽ» ካልሽው፣ ቃሉ የሸፈነልሽ ነገር አለ ማለት ነው። የጠቀስኳቸው ጥናቶች በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ክፍሎች የተሠሩ ናቸውና ይኼን አልጠየቁም። የራሴ አስተያየት ነው፤ ስሙንም ቁልምጫውንም ስጪው። «ናቲዬ» ሁለቱንም ይዟል።

አሁን «የባዮሎጂዋ» ላይ ደረስን። ይኼን በጨዋታ መሃል ጣል አድርገሽው አለፍሽ፤ እኔ ግን አላልፈውም።

የሥራ ቦታን በተመለከተ ስም ብቻውን ምን እንደሚያደርግ የሚያሳየው ማስረጃ ከክፍሉ ይሳሳል። ስለ ስም ባይሆንም፣ ሰው እንዳልታየ ሲታለፍ ምን እንደሚሰማው የሚያሳይ ግን አለ። በፈረንጆቹ 2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ ነው። የተመራማሪዎቹ ረዳት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከመንገደኛ ጋር ስትተላለፍ አንዱን ዓይኑን ታየዋለች፤ ሌላውን አይታ ፈገግ ትላለች፤ ሦስተኛውን ደግሞ እንደሌለ ሰው አሻግራ ታየዋለች። ከኋላ ያለው ሌላ ሰው መንገደኛውን አስቁሞ «ባለፈችው አንድ ደቂቃ ከሰው የተነጠልክ ያህል ተሰምቶህ ነበር?» ይለዋል። እንደሌለ ሆነው የታዩት የበለጠ መነጠል ተሰምቷቸው ነበር። ከማያውቁት ሰው፣ በአንድ እይታ። ከአለቃ ሲመጣማ አስቢው።

ስም ደግሞ ሕይወት በሚያድን ሥራ ውስጥ ደንብ ሆኖ ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2008 ያወጣው የቀዶ ጥገና ማረጋገጫ ዝርዝር፣ ሐኪሙ ቢላውን ከማሳረፉ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገር ይላል። ከሐሳቡ ጀርባ ያለው ይኼ ነው፦ መጀመሪያ ላይ አንዴ አፉን የከፈተ ነርስ፣ በኋላ ስሕተት ሲያይ ለመናገር አይፈራም። ሲድኒ ላይ ሮብ ሃኬት የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም ደግሞ በፈረንጆቹ 2017 ስሙንና ሥራውን የኦፕራሲዮን ቆቡ ላይ በማርከር ጽፎ ገባ። ፊት በማስክ ተሸፍኖ ማን ማን እንደሆነ በማይለይበት ክፍል፣ «አንተ፣ እሱን አቀብለኝ» ሲባል ሦስት ሰው ዞሮ ማንም እንዳያቀብል ነው። ያንቺም የስም ካርድ ከዚያ ቆብ ጋር አንድ ነው።

ለምክትሉ ምን ትያለሽ? በስብሰባ ላይ እንዳታነሺው። ብቻቸውን ስታገኚያቸው በአክብሮት በያቸው፦ «ጋሼ፣ ያሉንን ጀምሬያለሁ። አንድ ነገር ላስቸግርዎት፤ እኔንም በስሜ ቢጠሩኝ ደስ ይለኛል።» ስምሽን ጨምሪበት። አያውቁትም ይሆናልና እንዲያፍሩ አታድርጊያቸው። ስታፍ ውስጥ ስንት «የሒሳቡ»፣ «የአማርኛዋ»፣ «አዲሱ» እንዳለ ብትቆጥሪ አንቺም ራስሽ የምትጠሪው ታገኛለሽ።

በሩ ላይ ያሉትን ሰውዬስ? «ጥበቃ!» ብሎ የማይጠራቸው ስንት መምህር አለ? በእኛ አገር ትልቅ ሰውን በስም መጥራት ማለት ስሙን ብቻ ማለት አይደለም። «ጋሽ ታደሰ» ነው፣ «እትዬ አስካለ» ነው። ስሙ ከማዕረጉ ጋር ሲሄድ ነው ክብሩ የሚሞላው። ስሙን ጥሎ ማዕረጉን ብቻ መያዝ ግን፣ «አባት» ብሎ ማለፍ ማለቴ ነው፣ በየቀኑ ለሚያዩት ሰው ትንሽ ነው።

ሰኞ ወደዚያ ሴክሽን ስትገቢ ካርዱን ከማደልሽ በፊት ልጁ ጋ ሂጂ። ክፍሉ ሲስቅበት ሁሉም ሰምቷል፤ ስለዚህ ይኼንንም ሁሉም ይስማው። «ባለፈው ስምህን ጠይቀኸኝ አላውቀውም ነበር። መሳቅ አልነበረብኝም። ማን ልበልህ?» በይው። ሲነግርሽ ደግመሽ ጥሪው፤ የመጀመሪያውን ካርድ ስጪውና እዚያው ይጻፍ።

እና ደግሞ፣ እጁን ያወጣው መልስ ሊመልስ ነበር። መልሱ ምን እንደነበር በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። በስሙ ጥሪውና ጥያቄውን ድገሚለት።